ጣቴን በአገር አትተርጉሙብኝ

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት (ከዚህ በኋላ «እትዬ» ነው የምላቸው፤ ስማቸውን ብጽፍ የማተርፈው ቤት ፍለጋ ነው) ከሁለት ወር በፊት በቴሌግራም እንዲህ የሚል መልዕክት ላኩልኝ፦ «እንደምን ዋልሽ ልጄ። ኑሮው እንደምታዪው ነው። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ኪራዩ ላይ ሦስት ሺህ ጨምሬያለሁ።» እኔ በዚያ ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር አየት አደረግኩና፣ ማታ ተረጋግቼ እመልስላቸዋለሁ ብዬ፣ ለጊዜው ይህቺን ላክሁላቸው፦ 👌

መሥሪያ ቤታችን ግሩፕ ውስጥ ይህቺ ምልክት «አይቼዋለሁ» ማለት ናት። አለቃችን ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ እኛ አሥራ አራታችን ተራ በተራ ጣታችንን እንገጥማለን፣ ከዚያ ማንም የተባለውን አያደርግም። እናም ማታውን ለእትዬ መመለሱን ረሳሁት። ወሩ ሲገባ የድሮውን ኪራይ በቴሌብር ላክሁ። ማምሻውን እትዬ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ሦስት ሺህ ጎድሏል ልጄ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ በጭማሪው አልተስማማሁም።»

ስልካቸውን አወጡ፣ መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ወደ ላይ ፈልገው ምልክቷን አሳዩኝ። «ይሄ ምንድነው ታዲያ? አንቺው ራስሽ እሺ አላልሽም?»

መልስ አልነበረኝም። በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አንስቼ፣ ውል በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት ብዬ መከራከር እችል ነበር። ግን ክርክራችን ስለ ሕግ አልነበረም። እትዬ እንደዋሸሁ ነበር የሚያዩኝ። እኔ ደግሞ ያልተናገርኩት ቃል አፌ ውስጥ እንደገባ ነበር የተሰማኝ።

ሌሊቱን ጉግል ላይ አሳለፍኩ። እናላችሁ፣ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። «ወደ ውጭ ስትጓዙ የማታደርጓቸው አሥር የእጅ ምልክቶች» ይላል አርዕስቱ። ከዚያ ዝርዝሩ ይከተላል፦ 👌 በአሜሪካ «ደህና ነው»፣ በጃፓን «ገንዘብ»፣ በፈረንሳይ «ዜሮ»፣ በብራዚል ብልግና። አንዱ ከሌላው ገልብጦ፣ ፎቶውን ቀይሮ፣ በሰንደቅ ዓላማ አስጊጦ ይለጥፈዋል። ልብ በሉ፣ በዝርዝሩ መሠረት ለእትዬ የላክሁት ነገር የሚገባው እኔ ጃፓናዊት ብሆን ነው፤ ቢያንስ ስለ ገንዘብ ነበርና ያወራነው! ግን እኔም እሳቸውም አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። አንድ ቋንቋ ነው የምንናገረው። ባንዲራችን አንድ ነው። አልተግባባንም።

የዛሬው ጠቤ ከእነዚህ ዝርዝሮች ጋር ነው። ትርጉምን ለአገር ያከፋፍላሉ። ትርጉም ግን አገር የለውም፤ ያለው በላኪና በተቀባይ መካከል ከዚያ በፊት ባለፈው ነገር ውስጥ ነው።

የዝርዝሮቹ የመጀመሪያ ጥፋት እጅን ከሥዕል ጋር ማደባለቃቸው ነው። ቀለበቱን በእጃችሁ ሥሩት፦ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይገጥማሉ፣ ሦስቱ ይዘረጋሉ። አሁን መዳፋችሁን ወደ ላይ አዙሩት። ጃፓናዊ ስለ ገንዘብ ሲያወራ እጁን የሚይዘው እንደዚያ ነው፤ ክቡ ሳንቲም መሆኑ ነው። ፈረንሳዊው «ዜሮ፣ የማይረባ» ሲል ደግሞ ፊቱን ያጨማድዳል። ያው ፈረንሳዊ በፈገግታ ካሳያችሁ «ግሩም» ብሏችኋል። ቱኒዝያ ውስጥ ማስፈራሪያ የሚሆነው ቀለበቱ ሰውየው ፊት ሲወዛወዝ ነው። እንግዲህ አቅጣጫው፣ ፊቱና እንቅስቃሴው የምልክቱ ግማሽ አካል ናቸው ማለት ነው። ስልካችን ላይ ያለችው 👌 ግን አትዞርም፣ ፊት የላትም፣ አትወዛወዝም። ስለ እጅ የተጠናውን ወስዶ ስለ ኢሞጂ «በቱኒዝያ ማስፈራሪያ ነው» ማለት የሰውን ድምፅ ቆርጦ ከንፈሩን ብቻ እንደመተርጎም ነው።

የሚገርመው፣ የዝርዝሮቹ አያት የሆነው ጥናት ራሱ እንዲህ ብሎ አልነበረም። ዴዝሞንድ ሞሪስና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ ሃያ የእጅና የፊት ምልክቶችን ይዘው፣ በአብዛኛው አውሮፓ ውስጥ አርባ ቦታዎች ድረስ ሄደው፣ 1,200 ሰዎችን ጠይቀዋል። ቦታዎች ነው ያልኩት፣ አገሮች አላልኩም። ለአንዱ ምልክት በአንድ አገር ውስጥ ሁለትና ሦስት ትርጉም ነበር የሚያገኙት፤ ጎረቤት የሆኑ ከተሞች ሲለያዩ፣ ባሕር የሚለያቸው ደግሞ ሲገጥሙ ነበር። ከዚያ ሁሉ ድካም ውስጥ ኢንተርኔቱ የወሰደው ሰንደቅ ዓላማውን ብቻ ነው።

ሥዕሏ ራሷስ ከየት መጣች? የጃፓን የሞባይል ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው ካዘጋጁት ስብስብ ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ድርጅት፣ የዓለምን ፊደላት ሁሉ (የእኛንም ፊደል ጭምር) ቁጥር የሚሰጠው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ያንን ስብስብ ተቀብሎ ለዚህቺ ምልክት U+1F44C የሚል ቁጥርና OK HAND SIGN የሚል ስም ሰጣት። ዩኒኮድ አንዴ የሰጠውን ስም አይቀይርም፤ ደንቡ ነው። ስለዚህ ስሟ ለዘላለም «እሺ» ሆኖ ቀረ። ግን ስም ትርጉም አይደለም። ስሙ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ እንዳይሳሳቱ የተለጠፈ ነው። ሰዎች እንዳይሳሳቱ የለጠፈ የለም።

ሁለተኛው ጥፋት ጊዜን መርሳታቸው ነው። ዝርዝሩ ትርጉምን እንደ ተራራ የማይንቀሳቀስ ያደርገዋል። 👌 ግን ባለፉት አሥር ዓመታት ዓይናችን እያየ ተንቀሳቅሳለች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 4chan በሚባለው ድረ ገጽ ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች አንድ ቀልድ አሰቡ፦ ይሄ ምልክት የነጭ ዘረኞች መለያ ነው ብለን እናስወራ፣ ጋዜጠኛና ግራ ዘመም ሁሉ ሲደነግጥ እንሳቅበት። ሦስቱ ጣቶች W፣ ቀለበቱና ክንዱ P ናቸው አሉ፤ ነጭና ኃይል ለሚሉት ቃላት። ፈጠራ ነበር። ነገር ግን እውነተኞቹ ዘረኞች ቀልዱን ወደዱት፣ ፎቶ ሲነሱ ያሳዩት ጀመር። በመጋቢት 2019 ኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ውስጥ በሁለት መስጊዶች ሰው የፈጀው ታጣቂ ፍርድ ቤት ሲቀርብ በካቴና በታሰረ እጁ ይህንኑ አሳየ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ፀረ ስም ማጥፋት ሊግ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት፣ በ2017 «ይሄ የውሸት ወሬ ነው» ብሎ የነበረው ራሱ፣ ምልክቱን በጥላቻ ምልክቶች መዝገቡ ውስጥ አስገባው። ሲያስገባውም አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት በደህናው ትርጉም ስለሆነ፣ ማን በምን ሁኔታ እንዳሳየው ሳይታይ አይፈረድ የሚል ማስጠንቀቂያ ጨመረበት።

ማስጠንቀቂያውን ማን ያንብበው? ዝርዝሮቹ አንድ መስመር ጨመሩ፦ «በአሜሪካ አሁን የዘረኝነት ምልክት ነው።» በታኅሣሥ 2019 የአሜሪካ ጦርና ባሕር ኃይል አካዳሚዎች በሚጋጠሙበት የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ተማሪዎች ካሜራ ፊት ቀለበቱን ሲያሳዩ ታዩ፤ አገሩ ተናወጠ። ምርመራው ያገኘው የልጆች ጨዋታ ነበር፦ ቀለበቱን ከወገብህ በታች ትሠራለህ፣ ያየ ሰው ተሸነፈ፣ ክንዱን ትመታዋለህ። እነሱስ የሚመረምርላቸው አገኙ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክና ጋዝ ኩባንያ ሠራተኛ፣ ቤተሰቡ ከሜክሲኮ የመጣ፣ የኩባንያውን መኪና እየነዳ እጁን በመስኮት አውጥቶ ነበር። ሌላ ሾፌር ፎቶ አንስቶ ትዊተር ላይ ለጠፈው። ሰውየው ጣቶቼን እያንቋቋሁ ነበር አለ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራውን አጣ። ፎቶውን የለጠፈው ሰው በኋላ አጥፍቶታል፤ ነገሩን ሳልጋነነው አልቀረሁም ዓይነት ነገርም ተናግሯል። ሥራው ግን አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያ ሾፌር ክፉ ሰው ይሁን አይሁን አላውቅም። የሚያውቀው ነገር ግን «ይሄ ምልክት = ይሄ ትርጉም» የሚል አንድ መስመር ነበር። የማያውቀውን ሰው እጅ በመስኮት አየ፣ መስመሩን ገጠመበት፣ አለቀ። ዝርዝር ጨዋነትን ያስተምራል ይሉናል። እኔ የማየው ከሳሽ ሲያስተምር ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እስቲ ወደ ራሳችን። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሰሞን እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሁለት ጣቴን ከፍ አድርጌ ለሚያልፍ መኪና አሳየሁ፤ ትልልቆቹ ሲያደርጉት አይቼ ነው። እናቴ እጄን ቀብ አድርጋ አወረደችው። ሁለት ጣት የቅንጅት የምርጫ ምልክት ነበር፤ ከምርጫው በፊት በፈገግታ የሚታይ፣ ከምርጫው በኋላ ሰው ዞር ዞር ብሎ አይቶ የሚያወርደው። ዛሬ ያችኑ ✌ ታናሽ እህቴ ሰልፊ በተነሳች ቁጥር ጉንጯ ላይ ትለጥፋለች። ከተማው ያው አዲስ አበባ፣ ጣቱ ያው ሁለት። «በኢትዮጵያ ✌ ማለት…» ብሎ የሚጀምር ዝርዝር የትኛዋን ነው የሚጽፈው? የእናቴን ነው የእህቴን?

ሌላም አለ። 🙅 የምትለዋን ታውቋታላችሁ፣ እጆቿን አጣምራ የቆመችዋን። ከጃፓን የመጣች ናት። እዚያ ክብ ማለት «ልክ»፣ ኤክስ ማለት «ስህተት፣ አይሆንም» ነው፤ መምህሩ ደብተር ላይ የሚጽፈው፣ ልጁ በክንዱ የሚሠራው። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ ፈይሳ ሌሊሳ ማራቶኑን ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ ክንዶቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። በኦሮሚያ ተቃውሞ ውስጥ የነበረ ምልክት ነበር፣ የታሰረ እጅ። በጥቅምት 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ መመሪያ ያንን ምልክት ማሳየት ከለከለ። ጃፓን ውስጥ «መልስህ ስህተት ነው» የሚለው ክንድ እኛ ዘንድ የሚያሳስር ሆነ። እንዲህ ያደረገው «የኢትዮጵያ ባህል» አይደለም። የዚያ ዓመት ሰዎች ናቸው፤ ያጣመሩትም፣ የከለከሉትም።

ባሕር ተሻግሮ የሚመጣም አለ። አክስቴ ቤይሩት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ ተመልሳለች። አሁንም ስንቸኩልባት አምስት ጣቷን ወደ ላይ ሰብስባ ታሳየናለች፤ ልክ እንደ 🤌። «ቆይ፣ ታገስ» ማለት ነው፤ በሊባኖስም፣ በእስራኤልም እንዲያ ነው። ይህችን ኢሞጂ ያስመዘገባት ግን አድሪያኖ ፋራኖ የሚባል ጣሊያናዊ ጋዜጠኛ ነው፣ «ምን እያልክ ነው?» የሚለውን የአገሩን እጅ አስቦ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ጸደቀች። ታናሽ ወንድሜ በበኩሉ ጉርሻ ናት ብሎ ያምናል። አክስቴ በቤተሰብ ግሩፓችን ስትልካት ሁላችንም «ቆይ» እንደሆነች እናውቃለን፤ ከእሷ ስለሆነች። ወንድሜ ሲልካት ርቦታል ማለት ነው። አንድ ግሩፕ ውስጥ ሁለቱ ትርጉሞች ተስማምተው ይኖራሉ፣ ማንም ባንዲራ አልጠየቀም።

ትርጉም በላኪና በተቀባይ መካከል ያለፈው ነው ያልኩት ፍልስፍና እንዳይመስላችሁ፣ በፍርድ ቤት የታየ ጉዳይ ልንገራችሁ። እትዬንና እኔን የሚመለከተውም ይሄ ነው። ካናዳ፣ ሳስካችዋን ክፍለ ግዛት፣ መጋቢት 2021 እ.ኤ.አ.። አንድ የእህል ገዢ ከአንድ ገበሬ ጋር ስለ ተልባ በስልክ ተነጋገረ። ከዚያ ከ80 ቶን በላይ ተልባ በቡሼል 17 ዶላር በኅዳር የሚረከብበትን ውል አዘጋጅቶ፣ ፈርሞ፣ ፎቶውን ለገበሬው ላከና «እባክህ የተልባውን ውል አረጋግጥ» ብሎ ጻፈ። ገበሬው የመለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ 👍

ኅዳር መጣ፣ ተልባው አልመጣም። ዋጋው በዚያ መሃል 41 ዶላር ገብቶ ነበር። ገዢው ከሰሰ። የገበሬው መከላከያ የእኔው ቃል በቃል ነው፦ «መልዕክቱ ደርሶኛል ማለቴ ነው እንጂ ውሉን ተቀብያለሁ አላልኩም።» ዳኛው መዝገበ ቃላት ላይ 👍 ስምምነትን እንደምታሳይ ተመልክተዋል። ጉዳዩን የወሰነው ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ሁለቱ ሰዎች ለዓመታት ተገበያይተዋል። ቀደም ሲልም ገዢው የስንዴ ውል በስልክ ልኮ «አረጋግጥ» ሲል፣ ገበሬው «ጥሩ ነው» ወይም «እሺ» ወይም «አዎ» ብሎ ብቻ ይመልስ ነበር። ያኔ እህሉን አምጥቶ ገንዘቡን ወስዷል። አንድም ጊዜ «ደርሶኛል ማለቴ ነው» አላለም። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል አጭር መልስ ማለት ፊርማ ነበር፤ 👍 የመጣችው በዚያ መንገድ ላይ ነው። በሰኔ 2023 ገበሬው ከ82 ሺህ በላይ የካናዳ ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት፤ በታኅሣሥ 2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በአብላጫ ድምፅ አጸናው።

ልብ አድርጉ፣ ካናዳ ውስጥ 👍 ሁሉ ፊርማ ነው አልተባለም። ያው ገበሬ ያችኑ ጣት ለማያውቀው ነጋዴ ቢልክ ኖሮ ፍርዱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ዝርዝሮቹ ግን ይሄንንም አልማሩትም። «በካናዳ አውራ ጣት ውል ነው» የሚል አርዕስት በዓይኔ አይቻለሁ።

በዚህ ሚዛን ራሴን መረመርኩ። ከእትዬ ጋር ያለኝን የቴሌግራም ወግ ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበብኩት። «ነገ ውሃ ስለማይኖር ቅጂ» ይላሉ፤ 👌። ቀድቻለሁ። «የቆሻሻ ሃምሳ ብር ለጥበቃው ስጪ» ይላሉ፤ 👌። ሰጥቻለሁ። «እሁድ ዘመድ ስለሚመጣብኝ ግቢውን አብረን እናጽዳ»፤ 👌። በጠዋት ተነስቼ ጠርጌያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እኔና እሳቸው መካከል፣ 👌 ማለት «እሺ፣ አደርጋለሁ» ነበር፤ ያንን ትርጉም የሠራሁትም እኔው ራሴ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን «አይቼዋለሁ» እትዬ ከየት ያውቁታል? እዚያ ግሩፕ የሉ! ለአሥራ አራት ሰነፎች የምልከውን ለአንዲት ቃሌን ለሚጠብቁ ሴት ላክሁ። ያን ቀን ቢከሱኝ፣ የሳስካችዋኑ ዳኛ እኔ ላይ ይፈርዱ ነበር። (አዋጁ ያድነኝ ይሆናል፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።)

እና ምን አደረግሁ? በማግስቱ በቃላት ጻፍኩላቸው። ሁለት መስመር ነው፦ «እትዬ፣ ያን ቀን ምልክቷን የላክሁት መልዕክቱን አይቼዋለሁ ለማለት ነበር፤ በጭማሪው አልተስማማሁም። እርስዎ እሺ እንዳልኩ ቢረዱት ግን አልፈርድብዎትም፣ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነበር የምልክልዎት። ቁጭ ብለን እንነጋገር።» ከላክሁ በኋላ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ መልስ መጣ። ጽሑፍ የለውም። አንዲት 🙏 ብቻ።

ይኸው እስካሁን አያታለሁ። አመሰገኑኝ? ክፈዪኝ እያሉ ለመኑኝ? ወይስ ለእግዚአብሔር ሰጡኝ? ድሮ የላኩልኝን ሁሉ ወደ ላይ እየሄድኩ እያነበብኩ ነው፤ አንዷ ለፋሲካ፣ አንዷ አባቴ የታመመ ጊዜ፣ አንዷ የመብራት ሂሳብ ያሳወቁኝ ቀን። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ለቡና ጠርተውኛል።